ከአንድ ኮምፔርሳቶ ስንት ይወጣል? የአቆራረጥ ዕቅድና የብክነት ስሌት

ጨረታ አሸንፎ፣ ዕቃውን በቀኑ አስረክቦ፣ ክፍያውንም ተቀብሎ በመጨረሻ ሂሳቡን ሲዘጋ ትርፉ የት እንደገባ ግራ የሚገባው የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ጥቂት አይደለም። ደመወዙ በልኩ ተከፍሏል። ኪራዩም የታወቀ ነው። የተሰረቀ ዕቃ የለም። ትርፉ ግን ወርክሾፑ ጥግ ላይ በተከመረው ቁርጥራጭ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በእንጨት ሥራ ከጠቅላላ ወጪው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ጥሬ ዕቃው በመሆኑ፣ ከአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 8 ወይም 10 ዕቃ መውጣቱ በትርፍና በኪሣራ መካከል ያለውን ልዩነት ሊወስን ይችላል።

በዛሬው የገበያ ገጻችን የአቆራረጥ ዕቅድ እንዴት እንደሚወጣና የብክነት መቶኛ እንዴት እንደሚሰላ በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን። ምሳሌው ከእንጨት ሥራ የተወሰደ ቢሆንም ስሌቱ ለላሜራም ያገለግላል። ልዩነቱን በኋላ እንመለስበታለን።

ትዕዛዙ

አንድ ወርክሾፕ 240 የተማሪ ጠረጴዛ እንዲሠራ ታዘዘ እንበል። እግሩ የብረት ቱቦ ነው። ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ የሚቆረጡት ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው 600 በ450 ሚሊ ሜትር የሆነ የጠረጴዛ ፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው 400 በ300 ሚሊ ሜትር የሆነ የደብተር መደርደሪያ ነው። በገበያ ላይ የተለመደው ኮምፔርሳቶ ቁመቱ 2440፣ ወርዱ 1220 ሚሊ ሜትር ነው። ለስሌት እንዲቀል የአንዱን ዋጋ 3,000 ብር እናድርገው። ይህ ለምሳሌ የተወሰደ ቁጥር እንጂ የሳምንቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንባቢው በቦታው የዕለቱን ዋጋ ሊተካበት ይችላል።

አብዛኛው ተጫራች ዋጋ ሲያወጣ የሚጠቀመው ስሌት በካሬ ሜትር የማካፈል ስሌት ነው። የፊቱ ስፋት 0.27 ካሬ ሜትር፣ የመደርደሪያው 0.12፣ በድምሩ ለአንድ ጠረጴዛ 0.39 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለ240 ጠረጴዛ 93.6 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ስፋት 2.9768 ካሬ ሜትር ስለሆነ 93.6ን ለዚህ ስናካፍል 31.44 እናገኛለን። ተጫራቹ 32 ኮምፔርሳቶ ይበቃኛል ብሎ ለእንጨት 96,000 ብር፣ ማለትም በጠረጴዛ 400 ብር ይይዛል።

የዚህ ስሌት ስህተት ኮምፔርሳቶን እንደ ዱቄት መቁጠሩ ነው። ዱቄት ቢተርፍ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ኮምፔርሳቶ ግን ሲተርፍ የተረፈው ቅርጽ ለሚቀጥለው ዕቃ ካልሆነ ካሬ ሜትሩ ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

መጋዝ የሚበላው

ከዕቅድ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እሱም መጋዙ በእያንዳንዱ ቅራጭ የሚበላው ስፋት ነው። ዲስኩ ባለፈበት ሁሉ እንጨቱ ወደ ሰጋቱራነት ይለወጣል። ይህ ስፋት ከዲስኩ አካል ውፍረት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ በሁለቱም ጎን ወጣ ያሉ ናቸው። የተጣመመ ወይም የሚወዛወዝ ዲስክ ደግሞ ከዚያም በላይ ይበላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ስፋቱ በትክክል 500 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ጣውላ ይወሰድና አምስት ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ የተቆረጡት ስድስት ክፍሎች ተገጣጥመው እንደገና ይለካሉ። 480 ሚሊ ሜትር ቢገኝ 20 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል፤ ለአንድ ቅራጭ 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በምሳሌያችን ይህንኑ 4 ሚሊ ሜትር እንይዛለን።

4 ሚሊ ሜትር ከቁጥር የማይገባ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ኮምፔርሳቶ ስንት የጠረጴዛ ፊት ይወጣል ብለን 2.9768ን ለ0.27 ብናካፍል 11.02 ስለምናገኝ 11 ይወጣል ያሰኛል። 11 ፊት 2.97 ካሬ ሜትር ነው። የሚተርፈው 0.0068 ብቻ ነው። በቁመቱ የሚደረግ አንድ ቅራጭ ብቻውን 0.00976 ካሬ ሜትር ይበላል። ስለዚህ በየትኛውም ዘዴ 11 ሊወጣ አይችልም።

ሁለት አቆራረጦች

አሁን ፊቱን ብቻ እንውሰድና በሁለት አቅጣጫ እናሰልፈው።

አቆራረጥ "ሀ"፦ 600ውን በኮምፔርሳቶው ቁመት፣ 450ውን በወርዱ እናድርግ። በቁመቱ አራት ጊዜ 600 ሲደመር አራት ቅራጭ 2416 ይሆናል፤ ይበቃል። በወርዱ ሁለት ጊዜ 450 ሲደመር ሁለት ቅራጭ 908 ይሆናል። ሦስተኛ አይገባም። ስለዚህ 8 ፊት ይወጣል።

አቆራረጥ "ለ"፦ አሁን እናዙረው። 450ውን በቁመቱ ስናሰልፍ አምስት ይገባል፤ ከቅራጩ ጋር 2270 ነው። 600ው በወርዱ ሁለት ይገባል፤ ከቅራጩ ጋር 1208 ነው። ስለዚህ 10 ፊት ይወጣል።

የጥቅም መቶኛ የምንለው ዕቃ የሆነው ስፋት ለሙሉው ኮምፔርሳቶ ስፋት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ"ሀ" 2.16 ለ2.9768 ሲካፈል 72.56 በመቶ ይሆናል። በ"ለ" 2.70 ለ2.9768 ሲካፈል 90.70 በመቶ ይሆናል። ዕቃውን ዘጠና ዲግሪ ማዞር ብቻ ከ18 በመቶ በላይ ልዩነት አመጣ።

ይህን ያየ ሰው "ለ"ን ይመርጣል። ሆኖም ከመወሰኑ በፊት የቀረውን መቶኛ መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም ዕቃ ያልሆነው ሁሉ ብክነት አይደለም። ቀሪውን በሦስት መክፈል ይገባል። የመጀመሪያው ሰጋቱራ የሆነው ሲሆን አይመለስም። ሁለተኛው ለምንም የማይበቃ ውዳቂ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቅርጹ ለሌላ ዕቃ የሚበቃ ተራፊ ነው። በ"ሀ" ቀሪው 27.44 በመቶ ሲዘረዘር ሰጋቱራው 1.14፣ ውዳቂው 0.73፣ የቀረው 25.57 በመቶ ግን አንድ ወጥ ተራፊ ነው። ወርዱ 312፣ ቁመቱ 2440 የሆነ ረጅም ጣውላ ማለት ነው። በ"ለ" በኩል ከተረፈው ትልቁ 170 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ስለሆነ፣ 300 ሚሊ ሜትር የሚፈልገው መደርደሪያችን ከዚያ ሊወጣ አይችልም።

ተራፊው ሲሠራ

312 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው ተራፊ መደርደሪያው በልኩ ይመጣል። 300ውን በወርዱ፣ 400ውን በቁመቱ ብናደርግ ስድስት ጊዜ 400 ሲደመር ስድስት ቅራጭ 2424 ይሆናል፤ ከ2440 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከአንድ ኮምፔርሳቶ 8 ፊትና 6 መደርደሪያ አገኘን። ይህን አቆራረጥ "ሐ" እንበለው። የጥቅም መቶኛው 2.88 ለ2.9768 ሲካፈል 96.75 ነው። ሰጋቱራው 1.71፣ ውዳቂው 1.54 በመቶ ሲሆን ድምሩ መቶ ይሞላል። ድምሩ መቶ ካልሞላ በስሌቱ ውስጥ የተረሳ ቁራጭ አለ ማለት ነው።

መደርደሪያ ብቻ የሚቆረጥበትን ደግሞ "መ" እንበለው። በወርዱ አራት ጊዜ 300 ከአራት ቅራጭ ጋር 1216፣ በቁመቱ ስድስት ጊዜ 400 ከስድስት ቅራጭ ጋር 2424 ስለሚሆን 24 መደርደሪያ ይወጣል። የዚህም የጥቅም መቶኛ 96.75 ነው።

ሙሉው ትዕዛዝ

እስካሁን ያየነው የአንድ ኮምፔርሳቶ ሂሳብ ነው። ነጋዴው የሚከፍለው ግን ለሙሉው ትዕዛዝ ነው። ይህ ነጥብ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሊኒየር ፕሮግራሚንግ እያሉ የሚማሩት ዘዴ መነሻ ነው። ዘዴው ከኮምፔርሳቶ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 በሌኒንግራድ የኮምፔርሳቶ ፋብሪካዎች ድርጅት ላቦራቶሪ፣ የተለያየ እንጨት በየትኛው ማሽን ቢሠራ ምርቱ እንደሚበዛ እንዲያሰላለት ሌኦኒድ ካንቶሮቪች የተባለውን የሒሳብ ሊቅ ጠየቀ። ካንቶሮቪች በ1939 ባሳተመው ጽሑፍ ዘዴውን ሲያስረዳ የቁርጥራጭ ብክነትን መቀነስንም ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ አቅርቦታል። በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል።

የእኛ ትዕዛዝ ሁለት ዕቃ ብቻ ስላለው በወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። የሚፈለገው 240 ፊትና 240 መደርደሪያ ነው። ሦስት መንገዶችን እናነጻጽር።

በመጀመሪያው መንገድ ሠራተኛው ፊቶቹን በ"ሀ" ይቆርጥና ተራፊውን ጥግ ላይ ይከምረዋል። መደርደሪያውን ደግሞ ከአዲስ ኮምፔርሳቶ በ"መ" ይቆርጣል። ለፊቶቹ 30፣ ለመደርደሪያዎቹ 10፣ በድምሩ 40 ኮምፔርሳቶ ያስፈልጋል። ወጪው 120,000 ብር፣ በጠረጴዛ 500 ብር ነው። የትዕዛዙ የጥቅም መቶኛ 78.61 ይሆናል።

በሁለተኛው መንገድ ፊቶቹ በ"ለ"፣ መደርደሪያዎቹ በ"መ" ይቆረጣሉ። 24 ሲደመር 10፣ በድምሩ 34 ኮምፔርሳቶ ይሆናል። ወጪው 102,000 ብር፣ በጠረጴዛ 425 ብር ነው። የጥቅም መቶኛው 92.48 ነው።

በሦስተኛው መንገድ 30 ኮምፔርሳቶ በ"ሐ" ይቆረጣል። 240 ፊትና 180 መደርደሪያ ይገኛል። የጎደለው 60 መደርደሪያ በ"መ" ሁለት ኮምፔርሳቶ ተኩል ስለሚፈልግ ሦስት ይገዛል። በድምሩ 33 ይሆናል። ወጪው 99,000 ብር፣ በጠረጴዛ 412 ብር ከ50 ነው። የጥቅም መቶኛው 95.28 ነው። ከዚህም በላይ ከመጨረሻው ኮምፔርሳቶ 612 በ2440 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ ይተርፋል። ከእሱ አራት መጠባበቂያ ፊት ሊወጣ ይችላል።

በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት 7 ኮምፔርሳቶ ወይም 21,000 ብር ነው። በካሬ ሜትር አካፍሎ በ32 ኮምፔርሳቶ ዋጋ የተወዳደረው ተጫራች ወርክሾፑ በመጀመሪያው መንገድ ከቆረጠበት ከያዘው በላይ 24,000 ብር ከኪሱ ያወጣል። በሦስተኛው መንገድ ቢቆርጥ ግን የሚጎድለው 3,000 ብር ብቻ ነው። ይህንንም ዕቅዱን ከዋጋ ማቅረቢያው በፊት ቢያወጣ ኖሮ በዋጋው ውስጥ ይይዘው ነበር።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለሠራተኛው ቀላል ነው። በአንድ ኮምፔርሳቶ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ስለሚቆረጥ ልክ የመሳሳት ዕድሉ ያንሳል። አንድ ኮምፔርሳቶ ለማዳን ሲባል ሁለት ኮምፔርሳቶ በስህተት የሚበላሽ ከሆነ ቀላሉ ይሻላል። ሚዛኑን ወደ ሦስተኛው የሚያዘነብለው ሌላ ነገር ነው።

የእንጨቱ መስመርና የአቆራረጡ ቅደም ተከተል

በኮምፔርሳቶ ላይኛው ገጽ የሚታየው የእንጨት መስመር ብዙውን ጊዜ በቁመቱ፣ በ2440ው በኩል ይሄዳል። በ"ሐ" የጠረጴዛው ረጅም ጎን በዚሁ አቅጣጫ ስለሚቆረጥ መስመሩ በጠረጴዛው ርዝመት ይታያል። በ"ለ" ግን መስመሩ በአጭሩ ጎን ይሄዳል። ቀለም ወይም ፎርማይካ ለሚለብስ ጠረጴዛ ይህ ለዓይን ለውጥ የለውም። በቫርኒሽ ብቻ ለሚጨረስ ግን አዛዡ ዕቃውን አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ዕቃው መዞር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

ቅደም ተከተሉም የዕቅዱ አካል ነው። የወርክሾፕ ክብ መጋዝ ከዳር እስከ ዳር ይቆርጣል እንጂ መሐል ላይ ቆሞ አይታጠፍም። ስለዚህ በ"ሐ" መጀመሪያ ሦስቱ ረጃጅም ቅራጮች ይደረጋሉ። 450፣ 450 እና 300 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ጣውላዎች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በአጭሩ ይቆረጣል። ሠራተኛው ተቻኩሎ መጀመሪያ በወርዱ ከ600 ከ600 ከከፋፈለው ግን 312 ሚሊ ሜትሩ ተራፊ በአራት አጫጭር ቁራጮች ይበጣጠሳል። እያንዳንዱ 600 በ312 ስለሚሆን ከእያንዳንዱ አንድ መደርደሪያ ብቻ ይወጣል። ስድስት የነበረው አራት ሆነ ማለት ነው። በ30 ኮምፔርሳቶ 60 መደርደሪያ ይጎድላል። ይህም ሁለት ኮምፔርሳቶ ተኩል ነው።

አሥር ሚሊ ሜትር ስንት ብር ነው?

አዛዡ ሥራው ሊጀመር ሲል "ፊቱን 610 አድርጉልኝ" ቢልስ? አንድ ሳንቲ ሜትር ናት ብሎ እሺ ማለት የተለመደ ነው። ሂሳቡን እንይ። አራት ጊዜ 610 ብቻውን 2440 ነው። ለመጋዙ የሚተርፍ ስለሌለ በቁመቱ ሦስት ብቻ ይገባል። በወርዱ እንደበፊቱ ሁለት ነው። ከአንድ ኮምፔርሳቶ 8 የነበረው ፊት 6 ይሆናል። የእንጨቱ መስመር በረጅሙ ጎን እንዲሄድ ከተፈለገ ለ240 ፊት 40 ኮምፔርሳቶ ያስፈልጋል። መደርደሪያዎቹ በእርግጥ ከተራፊው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ። ቢሆንም ከ33 ወደ 40 ወጣን። አሥር ሚሊ ሜትር 21,000 ብር አወጣች።

ድንበሩ የት እንዳለ ማወቅ ለድርድር ይጠቅማል። 2440 ላይ አራት ቅራጭ፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 2424 ይቀራል። ለአራት ሲካፈል 606 ነው። ስለዚህ ባለሙያው ለአዛዡ "እስከ 606 ድረስ ዋጋው አይለወጥም፣ ከዚያ ካለፈ ግን በጠረጴዛ 87 ብር ከ50 ይጨምራል" ብሎ መናገር ይችላል። ብዙ አዛዥ ይህን ሲሰማ በ606 ይስማማል።

በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሰምሮ በወርክሾፑ የሚከሽፍበት ዋነኛው ምክንያት የኮምፔርሳቶው ዳር ነው። በጭነት ጊዜ ጠርዙ የተመታ ወይም በእርጥበት ያበጠ ኮምፔርሳቶ ዳሩ ተስተካክሎ መቆረጥ አለበት። በ"ሐ" ሁሉም ከተቆረጠ በኋላ በወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ትርፍ ስላለ ትንሽ የዳር ጉዳት ይችላል። በ"መ" ግን ትርፉ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዳሩን ለማስተካከል 10 ሚሊ ሜትር ከተነሳ አራተኛው ረድፍ አይገባም፤ 24 የነበረው 18 ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው ሲራገፍ ወርዱንና ቁመቱን መለካት፣ ሁለቱን ሰያፍ ልኮች ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ኮምፔርሳቶው ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም። ዳራቸው የተጎዳው ተለይተው ሰፋ ያለ ትርፍ ላለው አቆራረጥ ይቀመጡ። ዕቃው በኋላ በመላጊያ የሚስተካከል ከሆነም የሚላገው ልክ ዕቅዱ ከመውጣቱ በፊት በእያንዳንዱ ጎን ላይ መደመር አለበት።

ገንዘቡን አውጥቶ ሥራውን በቅርብ ለማይከታተል ባለሀብት ሁለት ቀላል መቆጣጠሪያዎች አሉ። አንደኛው ቆጠራ ነው። አሥር ኮምፔርሳቶ በ"ሐ" ሲያልቅ 80 ፊትና 60 መደርደሪያ መኖር አለበት። ቢጎድል ምክንያቱ በዚያው ቀን ይጠየቅ እንጂ ሥራው እስኪያልቅ አይጠበቅ። ሁለተኛው የውዳቂውን ክምር ማየት ነው። በ"ሐ" መሠረት ከተቆረጠ ከመጋዙ ሥር የሚገኙት ቁራጮች ስፋታቸው 8፣ 16 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከሁለት ጣት በላይ የሰፋ ቁራጭ በክምሩ ውስጥ ከታየ ዕቅዱ አልተከበረም፤ ወይም የተበላሸ ዕቃ እየተጣለ ነው።

ላሜራ ሲሆን

የላሜራ ሂሳብ በሁለት ነገር ይለያል። በመጀመሪያ ላሜራ በመቀስ ማሽን ሲቆረጥ ሰጋቱራ የለም፤ ስለዚህ ለቅራጭ የሚቀነስ ነገር አይኖርም። በዲስክ ወይም በእሳት ከተቆረጠ ግን እንደ መጋዙ የሚበላው ይለካል። ሁለተኛ የላሜራ ውዳቂ በኪሎ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ቁራሌው የሚከፍለው ዋጋ ከአዲሱ ላሜራ የኪሎ ዋጋ በእጅጉ ስለሚያንስ "ውዳቂውም ይሸጣል" በሚል መጽናናት አያዋጣም።

በላሜራ ትልቁ ውሳኔ የሚደረገው ከመቁረጥ በፊት፣ በሚገዛው ልክ ላይ ነው። ያንኑ 600 በ450 ዕቃ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንሥራ እንበል። ከ1000 በ2000 ላሜራ 6 ይወጣል፤ የጥቅም መቶኛው 81 ነው። ከ1250 በ2500 ደግሞ 10 ይወጣል፤ 86.4 በመቶ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የ1 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ 7.85 ኪሎ ስለሚመዝን የመጀመሪያው 15.7 ኪሎ፣ ሁለተኛው 24.53 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ዕቃ የሚገዛው ብረት በመጀመሪያው 2.62 ኪሎ፣ በሁለተኛው 2.45 ኪሎ ይሆናል። ዕቃው ራሱ የሚመዝነው 2.12 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ነጋዴዎች የተለያየ ልክ ያለው ላሜራ ሲያቀርቡ የሚነጻጸረው የአንዱ ላሜራ ዋጋ አይደለም። የላሜራው ዋጋ ከእሱ በሚወጣው ዕቃ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘው ነው የሚነጻጸረው። በኪሎ ርካሽ የሆነው ላሜራ በዕቃ ሲታሰብ ውድ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ለኮምፔርሳቶም ይሠራል። ዋጋ የሚያቀርብ ሁሉ በመጀመሪያ የዕቃዎቹን ልክ ይዘርዝር፣ መጋዙ የሚበላውን ይለካ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በሁለቱም አቅጣጫ አሰልፎ ይቁጠር፣ በሚተርፈው ላይ ትንሹን ዕቃ ይሞክር፣ ከዚያም ለሙሉው ትዕዛዝ ስንት እንደሚያስፈልግ ይደምር። በምሳሌያችን ይህን ያደረገ ሰው 33 ብሎ፣ ለብልሽት የሚሆነውን መጠባበቂያ ጨምሮ ዋጋውን ያስገባል። ያላደረገው ሰው 32 ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል፤ ከዚያ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ተጨማሪ ኮምፔርሳቶ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲመለስ ያሸነፈው ጨረታ ስንት እንዳስከፈለው ያውቃል።